ከክዳኑ የሚዘንበው ውሃ

ኬክ በድስት ውስጥ በእንፋሎት ያበሰለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኬኩ ነፍቷል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ሰዓቱም ደርሷል። ክዳኑ ሲነሳ ግን ላዩ ላይ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ዙሪያቸው ያብለጨልጫል፤ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። ቢላዋ ሲገባበት ውስጡ በደንብ የበሰለ ስፖንጅ ነው፤ የላይኛው ግማሽ ሴንቲሜትር ግን ገና ሊጥ ይመስላል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው ድስቱ ውስጥ በጨመረው ውሃ ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃውን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ኬኩ ሳይደርስ ድስቱ ይደርቃል፣ ታቹ ያርራል፣ ኬኩም የጭስ ሽታ ይዞ ይወጣል፤ ላዩ ግን እንደ ቀድሞው እርጥብ ነው። ላዩን የሚያረጥበው ውሃ የሚመጣው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከክዳኑ ነውና። የውሃው መጠንና የላዩ እርጥበት ለየብቻ መያዝ ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው እሳቱ ነው።

በእንፋሎት ማብሰል ለኢትዮጵያ ወጥ ቤት እንግዳ አይደለም። ህብስት የሚበስለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሊጡ በኮባ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርጎ ከሚፈላው ውሃ በላይ ይቀመጥና ድስቱ ይከደናል። በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ የሻይ ቤቶች ደግሞ ማ ላይ ጎ የሚባለው በቡናማ ስኳር የሚሠራ ስፖንጅ ኬክ ከድሮ ጀምሮ በእንፋሎት ይበስላል። በማሌዥያና በኢንዶኔዥያም የእንፋሎት ኬክ የየቤቱ ነው። ኦቭን በሌለበት ቤት፣ ቡታጋዝ ወይም አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ላለው ሰው፣ ስፖንጅ ኬክ ለመሥራት ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፦ ይህ ኬክ ቡናማ ቅርፊት አያወጣም። እንፋሎት ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም፤ ቅርፊት ለማቅላት ደግሞ ከዚያ በጣም የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። ማ ላይ ጎ ጠይም የሚሆነው ከስኳሩ ነው። ስለዚህ ጥሩ የእንፋሎት ኬክ ላዩ ፈዛዛ፣ ለስላሳና ደረቅ ነው።

እንፋሎት ኬኩን የሚያበስለው ሲነካው ወደ ውሃነት በመመለስ ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ፣ ያንኑ የፈላ ውሃ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ከ6 እጥፍ ይበልጣል። እንፋሎቱ ያንን ሁሉ ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ሙቀቱን ይሰጥና ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ቀዝቃዛው ነገር የኬኩ መጋገሪያ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ሊጡ ይገባል፤ ጠብታውም በመጋገሪያው ጎን ተንሸራቶ ወደ ድስቱ ይመለሳል። ቀዝቃዛው ነገር ክዳኑ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ አየር ይጠፋል፣ ጠብታውም ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ኬኩ ላይ ይወድቃል።

በ4 እንቁላል የተሠራ ሊጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሊጥ ከክፍል ሙቀት ተነስቶ ለማብሰል ወደ ውሃነት የሚመለሰው እንፋሎት ቢሰላ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ድስቱ በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚያመነጨው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ትርፉ ወይ በክዳኑ ዳር ሾልኮ ይወጣል፣ ወይ ክዳኑ ላይ ጠብታ ይሆናል። እሳቱ በበረታ ቁጥር ኬኩ በዚያው ልክ ቶሎ አይበስልም፤ ድስቱ በእንፋሎት ከተሞላ በኋላ የሚጨመር እሳት የሚጨምረው ክዳኑ ላይ የሚሰበሰበውን ጠብታና የሚያልቀውን ውሃ ብቻ ነው።

የቻይና አብሳዮች ይህን ችግር የፈቱት በቀርከሃ ነው። ከቀርከሃ የተሠራው ክዳን ትርፉን እንፋሎት በቀጫጭን ክፍተቶቹ ያሳልፋል፣ ጥቂቱንም ራሱ ይመጣል፤ እንደ ብረት ጠብታ ይዞ አይቆይም። የአልሙኒየም ወይም የመስታወት ክዳን ግን ለጠብታ የተመቸ ነው። በተለይ ክዳኑ ዝርግ ከሆነ ጠብታው የትም ይወድቃል። ጎበጥ ያለ ክዳን ይሻላል፤ አብዛኛው ውሃ በጉብታው ተንሸራቶ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ያኔም ቢሆን የመያዣው ብሎን በውስጥ በኩል ብቅ ካለ ከዚያው ጫፍ ልክ ኬኩ መሀል ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ትልቅ ጉድጓድ መሀል ላይ ብቻ ያለበት ኬክ ሲታይ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ብሎን ነው።

ለኢትዮጵያ አብሳይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ከፍታው። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ወደ 96 ይደርሳል። ስፖንጅ ኬክ እንቁላሉና ዱቄቱ ረግተው እንዲጸኑ መሀሉ ወደ 88 ዲግሪ ቢደርስ ጥሩ ነው። በ100 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ ያለ ኬክ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ገና 12 ዲግሪ የሚገፋው ሙቀት አለ። በአዲስ አበባ ግን የሚቀረው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጉዞ በጣም ይዘገያል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት «30 ደቂቃ ይበቃዋል» ብላ የላከችው አሠራር እዚያ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ኬክ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። ጊዜው ሲረዝም የሚያልቀው ውሃ ይጨምራል፣ ክዳኑ ላይ የሚሰበሰበውም እንዲሁ። በከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየርም አብዝቶ ይነፋል፤ ቤኪንግ ፓውደር የሚበዛበት ኬክ ቶሎ ተነፍቶ ሳይጸና ይወድቃል።

እንግዲህ ወደ ውሃው። ውስጡ 28 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ድስትና 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 7 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ክብ የኬክ መጋገሪያ እንውሰድ። በመጋገሪያውና በድስቱ ግድግዳ መካከል በየዙሪያው 4 ሴንቲሜትር ይቀራል፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ጠባብ ከሆነ ኬኩ ከታች ብቻ ይበስላል። መጋገሪያው የሚቀመጠው 5 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው የሽቦ መቆሚያ ላይ ነው። መቆሚያ ከሌለ እኩል ቁመት ያላቸው ሦስት የታጠቡ ድንጋዮች ወይም በሁለቱም በኩል የተከፈተ ጣሳ ይበቃል፤ ዋናው ነገር እንዳይወላገድ ነው። ያዘመመ መጋገሪያ ያዘመመ ኬክ ይሰጣል።

ውሃው ከመጋገሪያው ታች ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሲፈላ ይዘላልና፣ ከዚያ ከቀረበ መጋገሪያውን እየመታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ታቹ የሚነቀል ዓይነት ከሆነም ውሃው ወደ ሊጡ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ድስት ውስጥ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ውሃ ቢደረግ ልክ ነው። በ28 ሴንቲሜትር ድስት ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ከፍታ 6 ዴሲሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ 2 ሴንቲሜትር ተኩሉ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። ድስቱ 24 ሴንቲሜትር ቢሆን ኖሮ ያው ከፍታ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ብቻ ነበር የሚይዘው። ጠባብ ድስት ቶሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

አንድ ሊትር ተኩል 45 ደቂቃ ያቆያል ወይ? ይህን የሚመልሰው ድስቱ ራሱ ነው፤ ክዳኑ ምን ያህል እንደሚገጥምና ምድጃው ምን ያህል እንደሚግል ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ ኬክ ከመሠራቱ በፊት አንድ ቀን ድስቱን ባዶውን መፈተን ነው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ተለክቶ ይገባል፣ ይከደናል፣ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቀንሶ 45 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ምድጃው ይጠፋና ውሃው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይለካል። አንድ ሊትር ከተገኘ ግማሽ ሊትር አልቋል ማለት ነው፤ ያው ድስት በዚያው እሳት በሚቀጥለው ጊዜም ወደ ግማሽ ሊትር ይፈጃል። የሚያስፈልገው የሚያልቀው ውሃና ቢያንስ ሌላ ግማሽ ሊትር መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሊትር ተኩሉ ሰፊ ነው። ከፈተናው በኋላ የቀረው 3 ዴሲሊትር ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ከውሃው ላይ አይደለም፤ ወይ እሳቱ በዝቷል፣ ወይ ክዳኑ አይገጥምም። እሳቱን መቀነስ ውሃ ከመጨመር ይቀድማል።

የእሳቱ ትክክለኛ ልክ በክዳኑ ዳር ይታያል። ቀጭን የእንፋሎት ክር ሳይቋረጥ እየወጣ፣ ውስጡ ዝግ ብሎ ሲንተከተክ ቢሰማ ጥሩ ነው። ክዳኑ እየተነሳ እየወደቀ የሚንኳኳ ከሆነ በዝቷል። እንፋሎቱ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ውሃው መፍላቱን ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ኬኩ ያን ጊዜ ሳይጸና ይቀመጣል። በከሰል የሚሠራ ሰው ይህን ልክ የሚያገኘው ፍሙ አመድ ከለበሰ በኋላ ነው፤ አዲስ ከሰል መሀል ላይ መጨመር ሙቀቱን ለጊዜው ያወርደዋልና አስቀድሞ በቂ ፍም ማዘጋጀት ይሻላል።

ክዳን ሳይከፍቱ ውሃ መኖሩን ለማወቅ አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ንጹሕ የመስታወት ብይ ወይም ትንሽ ጠጠር ከውሃው ጋር ድስቱ ውስጥ ይገባል። ውሃው እየፈላ እያለ ታቹን ይመታና ይንኳኳል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ሲያልቅም ጸጥ ይላል።

ክዳኑን ጨርቅ ማልበስ የላዩን እርጥበት ለመከላከል ከሁሉም ይበልጣል። ጨርቁ ጥጥ መሆን አለበት፤ የወጥ ቤት ፎጣ ወይም ያረጀ ንጹሕ አቡጀዲ ይሆናል። ፖሊስተር ውሃ አይመጥም፣ ለሙቀትም አይመችም። ሽታ ያለው ሳሙና የነካው ጨርቅ ደግሞ ሽታውን ለኬኩ ይሰጠዋል፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ በውስጥ በኩል ተወጥሮ ክዳኑን ይሸፍናል፣ አራቱ ጫፎች ወደ ላይ ተመልሰው በክዳኑ መያዣ ላይ ይታሰራሉ። ይህ ማሰር የሚታለፍ አይደለም፤ ተንጠልጥሎ የቀረ ጫፍ የቡታጋዝ ነበልባል ይይዘዋል። ደግሞም ጨርቁ መሀሉ ከረገበ እየረጠበ ወርዶ የነፋውን ኬክ ይነካል። በመጋገሪያው አፍና በክዳኑ መካከል 5 ሴንቲሜትር ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር ኬኩም ጨርቁም አይገናኙም። ለ45 ደቂቃ አንድ ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይበቃ ይችላል፤ ሁለት ድርብ ቢሆን አይጠግብም።

ሌላው መንገድ መጋገሪያውን ራሱን መሸፈን ነው። ፎይል ወይም የኬክ ወረቀት መሀሉ ላይ አንድ እጥፋት ተትቶለት፣ ኬኩ ሲነፋ ቦታ እንዲያገኝ ተደርጎ አፉ ላይ ይደረጋል። ይህ ጠብታውን በሙሉ ይከለክላል። ዋጋው ግን አለ፤ እንፋሎቱ ላዩን በቀጥታ ስለማይነካው ኬኩ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል፣ ፎይሉ ከሥሩ የራሱን ጤዛ ሊያበቅልም ይችላል። ጎበጥ ያለ ክዳንና ጥሩ ጨርቅ ላለው ሰው ጨርቁ ይመረጣል፤ ዝርግ ክዳን ላለው ፎይሉ ያዋጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀምም አይከለከልም።

ሊጡን በአጭሩ ማንሳት ይበቃል። 4 የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም የተነፋ የፊኖ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት፣ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ቫኒላ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 5 ያስፈልጋል። እንቁላሉና ስኳሩ ከመምቻው ላይ ሲወርድ ዱካው ለጥቂት ሰከንድ ላዩ ላይ እስኪታይ ድረስ ይመታል። ዱቄቱ በሦስት ዙር፣ ከታች ወደ ላይ እየተገለበጠ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ዘይቱና ወተቱ መጨረሻ ላይ። በደንብ የተመታ እንቁላል ካለ ቤኪንግ ፓውደር የግድ አይደለም፤ ለመተማመኛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ሊጡ ከመጋገሪያው ሁለት ሦስተኛ ማለፍ የለበትም።

ሊጡ ተመትቶ ሳያልቅ ውሃው መፍላት አለበት። ቅደም ተከተሉ ለላዩ እርጥበትም ያገለግላል፤ ድስቱ፣ ግድግዳውና ክዳኑ አስቀድመው ከጋሉ መጀመሪያ ላይ የሚፈጠረው ብዙ ጠብታ ኬኩ ከመግባቱ በፊት ያልፋል። ልክ መጋገሪያው ሊገባ ሲል ክዳኑ ውስጡ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ የተዘጋጀው ፎጣ ይታሰርበታል፣ ኬኩ ይገባል፣ ይከደናል። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች እሳቱ ጠንከር ብሎ ይቆያል፤ ቀዝቃዛው ሊጥ የድስቱን ሙቀት ስለሚወስድ። ከዚያ በኋላ ወደ መካከለኛ ዝቅ ይላል፣ እስከ መጨረሻውም አይነካም።

30 ደቂቃ እስኪያልፍ ክዳኑ አይነሳም። በሊጡ ውስጥ ያሉት የአየር ቋጠሮዎች ግድግዳቸው ገና አልጸናም፤ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ኬኩ መሀሉ ይሰምጣል። ውሃ የግድ መጨመር ካለበት ከዚህ በኋላ ይሁን፤ የሚጨመረውም በሌላ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ መፍላቱን ለብዙ ደቂቃ ያቆመዋል። ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ ከፈት ተደርጎ ውሃው በድስቱ ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል እንጂ መሀል ላይ አይፈስም። ክዳን የሚነሳው ደግሞ በአግድም ወደ ጎን ተንሸራቶ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተነሳና ካዘነበለ የሰበሰበውን ሁሉ ኬኩ ላይ ይደፋዋል። ከራስ በተቃራኒ በኩል መክፈትም ፊትና እጅን ከእንፋሎቱ ይጠብቃል።

በ40 ደቂቃ ስቲኪኒ መሀሉ ላይ ይገባል። ንጹሕ ሆኖ ከወጣና ኬኩ በጣት ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ተመልሶ ከተነሳ ደርሷል። እርጥብ ሊጥ ካወጣ 5 ደቂቃ ይጨመርለታል።

ብዙ ደህና ኬክ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። እሳቱ ይጠፋና «ይቀዝቅዝ» ተብሎ ተከድኖ ይቀራል። ድስቱ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የተጠራቀመው እንፋሎት በሙሉ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ አንዱ ማረፊያው ደግሞ ኬኩ ነው። ትክክለኛው መንገድ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ክዳኑን በጣት ውፍረት ብቻ ከፈት አድርጎ 2 ወይም 3 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ወዲያውኑ ማውጣት ነው። ትንሿ ፋታ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ኬኩን እንዳያሰምጠው ትረዳለች። መጋገሪያው ከወጣ በኋላ ከሥሩ አየር በሚያገኝበት ሽቦ ላይ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ቢቀመጥ ታቹ ያልባል።

ጥፋት ሲኖር ኬኩ ራሱ ይናገራል። የተበታተኑ ጉድጓዶች የክዳን ጠብታ ናቸው። ጉድጓድ ሳይኖር ላዩ በሙሉ በቀጭኑ የሚጣበቅ ከሆነ ኬኩ ድስት ውስጥ ተከድኖ ቆይቷል፣ ወይም ጨርቁ ጠግቧል። ላዩ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ከተነሳ እሳቱ በዝቷል። ታቹ ላይ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ መስመር ሲገኝ ሰዎች ውሃ ገባ ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የእንቁላሉ አረፋ ዱቄት ሲገባ ፈርሶ ከባዱ ሊጥ ስለ ዘቀጠ ነው፤ ለዚህ ክዳንም ውሃም አይጠየቅም። ውሃ ገብቶ ከሆነ እርጥበቱ ከጠርዝ ይጀምራል፣ የመጋገሪያው ወረቀትም ረጥቦ ይቀደዳል።

ላዩ በመጠኑ ብቻ የሚጣበቅ ኬክ አይጣልም። ሳይሸፈን ግማሽ ሰዓት አየር ላይ ቢቆይ አብዛኛው እርጥበት ይተናል። ጠብታ ጉድጓድ የተወበት ከሆነ ደግሞ ከመጋገሪያው ወጥቶ ይገለበጣል፤ ታቹ ለስላሳና እኩል ስለሆነ እሱ ላይ ሆኖ ይቀርባል። የሚቆረጠው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ በጥርሳም ቢላዋ ነው። ወደ ሳጥን ወይም ፕላስቲክ የሚገባውም ያኔ ነው፤ ለብ እያለ የታሸገ ኬክ ከሳጥኑ ክዳን ሥር እንደገና ጤዛ ይሠራል።